ገርጂ ወይስ ሰሚት? ድምፅ፣ አየርና ትራፊክ ከቤት ኪራይ በፊት

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የምንሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የስድስት ዓመት ልጃችን አስም አለበት፤ የሚማረው ገርጂ ነው። አሁን ሁለት የኪራይ ቤት አግኝተን መወሰን አቅቶናል። አንዱ ገርጂ፣ ከቀለበት መንገዱ ፊት ለፊት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ሌላው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደላላው ‹ገርጂ ጫጫታ ነው፣ ሰሚት አየሩ ንጹሕ ነው› ይለናል። እውነት ነው? አንድ ሰፈር በድምፅ፣ በአየርና በትራፊክ እንዴት ይታያል?»

መልስ፦

ደላላው የነገረዎት ስለ ሰፈር ነው፤ ልጅዎ የሚተኛው ግን አንድ መስኮት ሥር ነው። ሥራዬ የአካባቢ ድምፅና አየር መለካት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር በአንድ ሰፈር በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰፈሮች ልዩነት እንደሚበልጥ ነው። አንዱ ብሎክ አስፋልቱ ላይ ተደቅኗል፤ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ያለው ሌላው ብሎክ በሕንፃዎች ተከልሎ ሌላ ከተማ ይመስላል። ሁለቱም ግን «ገርጂ» ነው የሚባሉት። ስለዚህ ሰፈሮቹን ትተን ሁለቱን መኝታ ቤቶች እናወዳድር።

ከድምፁ ልጀምር፤ በስልክዎ ራስዎ ሊለኩት የሚችሉት እሱን ስለሆነ።

የገርጂውን ቤት ያዩት ቀን ላይ ይመስለኛል፤ ማታ ቤት የሚያሳይ ደላላ ብዙም አይገጥምም። ቀን ላይ ቀለበት መንገዱ ይጨናነቃል፣ መኪናው ይንፏቀቃል፣ የሚሰማውም ሞተርና ክላክስ ነው። ዋናው ድምፅ የሚመጣው መንገዱ ሲለቀቅ ነው። የቤት መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ከሞተሩ ይልቅ የጎማውና የአስፋልቱ ፍትጊያ ይጎላል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም ያ ፉጨት መሰል ድምፅ ያድጋል። በዚያ ላይ ከባድ የጭነት መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይዘዋወር ስለሚገደብ ሲኖትራኩና ተሳቢው የሚወጡት ከመሸ በኋላ ነው። ጠጠር ከጫነው ይልቅ አራግፎ ባዶውን የሚመለሰው ይብሳል፤ ጉድጓድ በመታ ቁጥር የኋላ ሳጥኑ እየተንኳኳ ይሄዳል። ይህን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ቆመው ሊሰሙት አይችሉም።

የስልክ ካርታ ላይ የሚታየውን የትራፊክ ቀለምም ሰው በዚሁ ምክንያት ይሳሳትበታል። ቀይና አረንጓዴው የሚነግሩን የመኪናውን ፍጥነት እንጂ ብዛቱን አይደለም። መስመሩ ቀይ ሲሆን መኪናው ቆሞ እያጨሰ ነው፤ የአየር ሰዓቱ ያ ነው። ማታ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ደግሞ ጭሱ ይቀንስና ድምፁ ይመጣል። አንድ መንገድ ቀን በጭስ፣ ሌሊት በድምፅ ሊያስቸግር ይችላል፤ ቀለበት መንገድ ዳር ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያገኛል።

አሁን ልኬቱ። አይፎን ካለዎት NIOSH SLM የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ይጫኑ፤ በአግባቡ የተሠራ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያዎች እንደ ስልኩ ማይክሮፎን ስለሚለያዩ ቁጥራቸውን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ስልክ ከለኩ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት በቂ መረጃ ነው። የስልኩን ማቀፊያ አውልቀው፣ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍተው፣ ክንድዎን ወደ ውጭ ዘርግተው 15 ደቂቃ ይያዙት። የሚዘለውን ቁጥር አይከተሉ፤ LAeq ከሚለው አጠገብ የሚታየውን ያንብቡ። እሱ የ15 ደቂቃው አማካይ ነው። አንድ ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይለኩ። አከራዩ በዚያ ሰዓት ካላስገባዎት ከሕንፃው ሥር፣ ከመኝታ ቤቱ በታች ቆመው መለካት ይቻላል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ግን መንገዱ ከምድር ይልቅ ተገልጦ እንደሚታይ አይርሱ። የግቢ አጥርና ሱቆች ምድር ላይ ያለውን ሰው ይከልሉታል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚተኛውን አይከልሉትም። ብዙ ሰው ከፍ ሲል ጸጥታ የሚያገኝ ይመስለዋል። ከሰፈር ልጆች ጫጫታ ይርቅ ይሆናል፤ ከአውራ ጎዳና ግን ብዙም አይርቅም።

ቁጥሩን ለማንበብ ሦስት ነገር ይበቃል። የመኪናው ብዛት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ደግሞ ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ ይመስለናል። ከመንገዱ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ በ3 ገደማ ይወርዳል። በአገራችን መመሪያ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የሌሊቱ 45 ያለ ምክንያት አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ቤት ውስጥ የሚመክረው 30 ነው፤ ትንሽ ገርበብ ያለ መስኮት ደግሞ ወደ 15 ዴሲቤል ያስቀራል። ውጭ 45 ከሆነ ውስጥ 30 ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በገርጂው ቤት ላይ እናስላው። ከአስፋልቱ ጠርዝ 15 ሜትር ላይ ሌሊት 70 ለኩ እንበል። ሕንፃው 30 ሜትር ላይ ከሆነ መንገዱን በሚያየው መስኮት 67 ገደማ ይደርሳል። መስኮቱን ዘጉት። እዚህ ከተማ በብዛት የሚገጠመው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ባለ አንድ መስታወት ነው፤ በሐዲዱና በመገናኛው በኩል አየር ስለሚያስገባ 20 ዴሲቤል ካስቀረ ጥሩ ነው። ውስጥ 47 ይቀራል። ይህ ለሳሎን ያስኬዳል፤ የልጅ መኝታ ቤት ላይ ግን ከሚመከረው 17 ዴሲቤል ይበልጣል። ያው አፓርታማ በጀርባው በኩል መኝታ ቤት ቢኖረውስ? ሕንፃው ራሱ ግድግዳ ሆኖ ስለሚከልል ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 12 ብንይዝ ውጭ 55፣ መስኮቱ ሲዘጋ ውስጥ 35 ይሆናል። ፍጹም አይደለም፤ ግን እንቅልፍ ይወስዳል። በአንድ በር የሚገባባቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ለጆሮ ግን አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይጮኻል።

ርቀቱን ብቻውን ቢወስዱት ብዙ አይረዳም። ከ30 ሜትር ወደ 120 ሜትር ቢሸሹ በስሌቱ የሚያተርፉት 6 ዴሲቤል ነው። መሐል ላይ መንገዱን ከዓይን የሚጋርድ ሕንፃ ሲገባ ግን ልዩነቱ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ቤት ሲያዩ የምመክረው ቀላል ፈተና መስኮቱ ላይ ቆሞ ጎማ ይታየኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የመኪናው ጎማ ከታየዎት ድምፁ ያለ ከልካይ ይመጣል።

ሰሚት ደግሞ ከድምፅ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የድምፁ ዓይነት ይለያል። የቦሌ አየር ማረፊያ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ካርታ ላይ መስመሩን በምሥራቅ በኩል ቢያራዝሙት ወደ ጎሮና ሰሚት አቅጣጫ ይሄዳል፤ በምዕራብ በኩል ወደ ሳሪስ። እንደ ነፋሱ አቅጣጫ አንዱ ጫፍ መነሻ፣ ሌላው ማረፊያ ይሆናል። የአየር መንገዱ በረራዎች የሚጎርፉት ደግሞ በማዕበል ነው፤ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በብዛት ይነሳሉ፤ ንጋት ላይ ደግሞ የሌሊቱ መንገደኞች ያርፋሉ። እዚህ ላይ አማካይ ቁጥሩ ያታልላል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አውሮፕላን ቢያልፍ LAeq ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ልጁን የሚያባንነው ግን አማካዩ አይደለም። ስለዚህ ሰሚት ላይ ሲለኩ በየማለፉ የወጣውን ከፍተኛ ቁጥርና በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደመጣ ይጻፉ። መኝታ ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ከ45 ከዘለለ እንቅልፍ ይነካል። ብሎኩ ከመስመሩ ትንሽ ፈንጠር ማለቱ ብቻ ብዙ ስለሚለውጥ ይህንን የሚነግርዎት ያንን ብሎክ መለካት ነው።

ቀሪው የሰሚት ድምፅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ግንባታ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጀነሬተር፣ ምድር ቤት ያለ ብየዳ ወይም ወፍጮ ቤት፣ የአምልኮ ቦታ ድምፅ ማጉያ። ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልበል። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ካለ የማን ታቦት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ወርኃዊ በዓሉንና ንግሡን ያኔ ያውቃሉ። ቤቱን ያዩት በተራ ቀን ከሆነ በፍልሰታ ሁለት ሳምንት ያለውን ድምፅ ከእሱ መገመት አይችሉም። መስጊድ ከሆነ የንጋቱ አዛን በየትኛው ማጉያ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ ይዩ። ለብዙ ሰው ይህ ድምፅ ሸክም አይደለም፣ ይልቁንም ደስ ይለዋል፤ ግን ከመግባትዎ በፊት አውቀውት ይግቡ።

ወደ አየሩ። «ሰሚት አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት እንኳ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ምክንያቱ ይኸው።

አየር ውስጥ ያለውን ነገር ለሁለት ከፍለው ይዩት። አንደኛው ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ከመኪና፣ ከማገዶና ከሰል፣ ከቆሻሻ ማቃጠል ይመጣል፣ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቀናት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ከተማውን በሙሉ ይሸፍናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ አዲስ አበባ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ከገርጂ ሰሚት ቢገቡ ከዚህኛው ብዙ አያመልጡም፤ አብዛኛው የጋራ ነው። ሁለተኛው ከመንገዱ ዳር ጋር የተያያዘው ነው፤ የናፍጣ ጥላሸት፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ገና ከጭስ ማውጫ የወጡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች። ይህኛው ከአስፋልቱ ሲርቁ ቶሎ ይወርዳል፤ አብዛኛው ቅናሽ በመጀመሪያው 150 እስከ 200 ሜትር ውስጥ ያልቃል። ከሕፃናት አስም ጋር ጥናቶች በብርቱ የሚያያይዙት ደግሞ ይህንን የትላልቅ መንገዶች ዳር አየር ነው። ለእርስዎ ቤተሰብ ዋናው ቁጥር እንግዲህ ከመኝታ ቤቱ እስከ ትልቁ መንገድ ያለው ርቀት ነው።

የመንገዱ ዳገትም ይቆጠራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሩብ ያህል ሳስ ይላል። አሮጌ ናፍጣ ሞተር የሚገባው አየር ሲያንስ ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፤ ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጠው ያ ጥቁር ጭስ የሚወጣው ለዚህ ነው። መብራት ወይም ማደናቀፊያ ያለበት ዳገት ዳር ቤት ቢያገኙ፣ አይሱዙው ከቆመበት ተነስቶ ሲወጣ ሁለት ደቂቃ ይመልከቱ። ያው መንገድ ሜዳ ላይ ሌላ ታሪክ ነው።

በስልክ የሚታየውን የአየር ጥራት ቁጥር ለሰፈር ምርጫ አልጠቀምበትም። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለት ቦታ ይለካ የነበረው መረጃ ለሕዝብ መለቀቁ በ2025 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ አሁን ብዙ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት በሳተላይትና በስሌት የተገመተ ነው። ያ ግምት አንዱ ሳጥኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ገርጂንና ሰሚትን እንኳ ላይለያቸው ይችላል፤ የመንገድ ዳርንና የጀርባ መስኮትን ጨርሶ አይለይም። አነስተኛ መለኪያ መሣሪያ ከሰው ቢያገኙ ሁለቱ ቤቶች ላይ በተመሳሳይ ቀናት ያስቀምጡት። ክረምት ላይ፣ ጉም ባለበት ጠዋት የሚያሳየውን ግን አይመኑ፤ እርጥበት ሲበዛ የውሃ ጠብታን ብናኝ ነው ብሎ ይቆጥራል። ኅዳር 12ም አይለኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ በሚያቃጥልበት በኅዳር ሲታጠን ቀን የሚለካው አየር ስለ ቤቱ ምንም አይነግርዎትም።

መሣሪያ ከሌለ ሶፍት ይበቃል። ነጭ ሶፍት ውሃ ነክተው የመስኮቱን የታችኛውን ሐዲድ፣ ማለትም መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ቦይ፣ በውስጥ በኩል አንዴ ይጥረጉ። ቤት ለማሳየት መስታወቱ ይወለወላል፣ ያ ቦይ ግን አይነካም። ሶፍቱ ላይ የወጣው ጥቁርና ቅባት ያለው፣ በጣት ሲታሽ የሚጨማለቅ ከሆነ ጥላሸት ነው፤ ከመኪና ወይም ከማገዶ የመጣ። ቡናማና ሻካራ ከሆነ የአፈር ብናኝ ነው። የፊቱንና የጀርባውን መስኮት በሁለት ሶፍት ጠርገው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ገርጂ ላይ የፊቱ ጥቁር፣ የጀርባው ሳሳ ያለ ሆኖ ቢያገኙት አይገርመኝም። ሰሚት ላይ ወደ ብሎኩ የሚገባው መንገድ አስፋልት ካልሆነ ቡናማው ይበዛል። አፈሩ አይን ያስለቅሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ አስምን ሊቀሰቅስም ይችላል፤ ነገር ግን ትልልቁ ቅንጣት አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር እንደ ጥላሸቱ ወደ ሳንባ ጥልቀት አይገባም። ዝናብ ሲጀምርም ያርፋል። የጭሱ ነገር ግን ክረምትም አይለቅም፤ ያኔ ደግሞ ከሰሉ ወደ ቤት ይገባል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደላላ የማያነሳው አንድ ነገር አለ፤ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበዓል እርድ ተብሎ በየግቢው የተሠራው የጋራ ቤት። አንዳንዱ ብሎክ ላይ ተዘግቶ ዕቃ ቤት ሆኗል፣ ወይም ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሚጋግር ማንም አይጠቀምበትም። በማገዶ የሚጋገርበት ከሆነ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መስኮት ጭሱን ልክ ሲወጣ ያገኘዋል። መጋገሪያው ከመኝታ ቤቱ በምን ያህል ርቀት እንዳለ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚነድ ጎረቤት ይጠይቁ፤ የጣሪያውን ጠርዝ ቢያዩትም ጥላሸቱ ራሱ ይናገራል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርድና ዝቅተኛ ቦታና የወንዝ ዳር ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይሆናል። የጠዋቱ የቁርስ ማገዶና የሥራ ሰዓት ትራፊክ የሚገቡት እዚያ ክዳን ሥር ነው። ፀሐይ በደንብ እስክትሞቅ፣ እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ጭሱ አይነሳም። ሁለቱንም ቤት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከጣሪያ ወይም ከደረጃው መስኮት ይመልከቱ፤ ቡናማው ንጣፍ ከእርስዎ በታች ነው ወይስ እርስዎ ውስጡ ነዎት? አስም ላለበት ልጅ መስኮት የሚከፈትበትን ሰዓት የሚወስነውም ይኸው ነው፤ ጠዋት ሳይሆን ከረፋድ በኋላ ቀትር ድረስ፣ ቢቻል በጀርባ በኩል።

እግረ መንገዴን፦ ድምፅ ለመሸሽ መስኮት ዘግቶ ሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትና እጣን ማጨስ ቀለበት መንገዱን ቤት ውስጥ ከማስገባት አይተናነስም። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ስለሌለው ይገድላል። ልጅዎ ቤት ሲሆን ቡናው በኤሌክትሪክ ይፍላ፣ እጣኑ ይቅር፤ ይህ ሰፈር ከመቀየር በላይ ሊረዳው ይችላል።

ትራፊኩን ሰው የሚያየው እንደ ጊዜ ብክነት ብቻ ነው። ለአስም ልጅ ግን የሚተነፍሰው አየር አንዱ ክፍል ነው። ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ፤ ልጁ የሚሄደው ገርጂ ነው። ሰሚት ከገቡ ልጁ በቀን ሁለት ጊዜ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገድ ላይ ይሆናል። በመጨናነቅ ውስጥ ያለ መኪና የሚስበው አየር ከፊቱ ካለው ሚኒባስ ጭስ ማውጫ የወጣውን ነው፤ የጥላሸቱ መጠን ከመንገድ ርቆ ካለ ግቢ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እንደዚያ ቢቀመጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ሰፈር በመተኛት ያተረፈውን ጥቂት የማይባል ድርሻ መንገድ ላይ ይመልሰዋል። ገርጂ ሆኖ በውስጥ መንገድ በእግሩ ቢሄድ ያንን ሁሉ ይዘለዋል። ሰሚት ከመረጡ ግን መስኮቱን ዘግታችሁ የመኪናውን ማራገቢያ የውስጡን አየር ወደሚያዞርበት ቦታ አድርጉት፤ በታክሲ ከሆነ ከዋናው ሰዓት ግማሽ ሰዓት መቅደም ከምንም ይሻላል። የትምህርት ቤቱን መማሪያ ክፍልም ይዩት፤ ልጅዎ የቀኑን ትልቅ ክፍል የሚውለው እዚያ ነውና መስኮቱ ወደ አስፋልት ከሆነ ወደ ጓሮ በኩል ያለ ክፍል እንዲመደብ መጠየቅ ነውር የለውም።

እንግዲህ የትኛውን? ሦስተኛ አማራጭ ካለ እሱን እመርጣለሁ፤ ገርጂ ውስጥ፣ ከቀለበት መንገዱ ቢያንስ 150 ሜትር ገባ ያለ፣ በሕንፃ የተከለለ፣ ልጁ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚደርስበት ቤት። ዋናው መንገድ ላይ ከተደረደረው አፓርታማ ይልቅ ገባ ያለው አሮጌ ሕንፃ አንዳንዴ በኪራይም ይቀንሳል፤ ሰው የሚከፍለው ለዕይታው ነውና።

ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ከሆነ፣ የገርጂው አፓርታማ በጀርባ በኩል መኝታ ቤት ካለውና ያ ክፍል የልጁ ከሆነ ገርጂን ይያዙ፤ የፊቱ ክፍል ሳሎን ወይም የእናንተ ይሁን። የአየሩ ጉዳይ በዚህ ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ 30 ሜትር 30 ሜትር ነው፤ ግን የጀርባው መስኮት ብቻ የሚከፈትበት ቤት ከፊት ከሚከፈተው ይሻላል፣ የመንገዱ ጉዞም ይቀርለታል። ሁሉም መኝታ ቤቶች መንገዱን የሚያዩ ከሆነ ግን ኪራዩ ቢቀንስልዎትም ይተዉት። መጋረጃ ድምፅ አይዘጋም፤ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ማስገጠም ደግሞ ለተከራይ የሚያዋጣ ወጪ አይደለም። ያኔ ሰሚት የተሻለ ነው፤ መጋገሪያው የማይነድ፣ መግቢያው አስፋልት ወይም ኮብልስቶን የሆነ፣ ሌሊት አውሮፕላኑ በቀጥታ የማያልፍበት ብሎክ ከሆነ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ከሥራ ቀን በአንዱ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ሁለቱም ቤቶች ሥር ለ15 ደቂቃ ይለኩ፤ ቅዳሜና እሑድ አይሁን፣ የጭነት መኪናው እንቅስቃሴ ያኔ ይለወጣል። ቀን ላይ ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ባዶ ቦታ ዙሪያ ይዩ፤ ቆርቆሮ የታጠረ መሬት ካለ ዘቡን ምን እንደሚሠራበት ይጠይቁት። ሌሊት ኮንክሪት የሚሞላ ግንባታ ከጎንዎ ቢጀመር ከላይ ያሰላነው ሁሉ ለሁለት ዓመት ይሻራል። ቁጥሮቹን፣ የሶፍቶቹን ቀለምና የገርጂው መኝታ ቤቶች ወደ የት እንደሚያዩ ቢጽፉልኝ ስሌቱን በእነሱ እደግመዋለሁ።